«ለልጄ ልስጠው?» ያለችው ጎረቤቴ

ጥያቄ፦ «ለፍሪላንስ ኮፒራይተር የበራሪ ወረቀት ጽሑፍ ሰጥቼ ነበር። ለማን እንደሚጻፍና በምን ዓይነት ቃና እንደሚሆን ብሪፉ ላይ አስቀምጫለሁ። ያመጣው ድራፍት ግን ሌላ ነገር ነው። ልጁ ጎበዝ ነው፣ እንዳላስቀይመው ፈራሁ። እህታችሁ ምን ብዬ ልጻፍለት?»

እህቴ፣ እኔም እዚሁ አዳማ ይኸው ነገር ገጥሞኝ ያውቃል። የ45 ቀን ጫጩት ነው የምሸጠው። አንድ ልጅ በራሪ ወረቀት እንዲጽፍልኝ ተስማማን፣ ግማሽ ክፍያም ሰጠሁት። ብሪፉ ላይ ሁለት ነገር ጽፌ ነበር። አንደኛው፣ አንባቢዎቹ በግቢያቸው አሥር ሃያ ዶሮ የሚያረቡ እናቶች ናቸው። ሁለተኛው፣ ቃናው ወዳጃዊ ይሁን። የመጣው ድራፍት እንዲህ ብሎ ይጀምራል፦ «ወጣቱ ሥራ ፈጣሪ ሆይ! ዛሬ ኢንቨስት አድርግ፣ ነገ የገበያው መሪ ሁን!»

አማርኛው ያምራል። አንድም የፊደል ስህተት የለውም። ለዚህም ነው አስተያየት መስጠቱ የከበደኝ።

በዚያው ማታ በቴሌግራም «አሪፍ ነው፣ ግን ትንሽ ለዘብ ይበል» ብዬ ላክሁለት። ጨዋነት መስሎኝ ነው። በማግስቱ ሁለተኛው ድራፍት መጣ። ቃለ አጋኖዎቹን አውጥቷቸዋል፣ ከላይ «ውድ ደንበኛችን» የሚል ጨምሯል። «ኢንቨስት አድርግ» ግን እዚያው ቁጭ ብሏል። ልጁ እምቢ አላለም፤ ያልኩትን ነው ያደረገው። «ለዘብ ይበል» ሲባል የመጣለት ቃለ አጋኖ መቀነስ ነው። ላስቀይመው አልፈልግም ብዬ ያድበሰበስኩት ነገር የእሱን አንድ ቀን በላ። ይህ እስካሁን ይቆጨኛል።

ከዚያ ድራፍቱን በስልኬ ይዤ ጎረቤቴ ዘንድ ሄድኩ። ግቢዋ ውስጥ ዶሮዎች አሏት። ቡና እያፈላች ነበር፣ ጮክ ብዬ አነበብኩላት። እስከ መጨረሻው በጸጥታ ሰማችኝ። ከዚያ «ለልጄ ልስጠው?» አለችኝ። ወረቀቱ ለእሷ መሆኑ ጨርሶ አልገባትም። ቀጥላ ደግሞ «ተከትበዋል ወይ?» ብላ ጠየቀች። ሱቅ የሚመጡት እናቶች በሙሉ መጀመሪያ የሚጠይቁት ይህንኑ ነው። ብዙዎቹ ዶሮዎቻቸውን በፈንግል ጨርሰው ያውቃሉ። በአንድ ሳምንት ግቢው ባዶ ሲሆን ያየች ሴት ስለ ገበያ መሪነት ብትሰማ ምን ይረባታል? ድራፍቱ ላይ ክትባት የሚለው ቃል ያለው ከስልክ ቁጥሩ በላይ፣ መጨረሻው አካባቢ ነው።

ቤት ገብቼ የራሴን ብሪፍ እንደገና አነበብኩት። አንቺም ከመጻፍሽ በፊት ይህን አድርጊ። የአንባቢዎቹ ማንነት ቁልጭ ብሎ ተጽፏል፤ እሱን ልጁ አላየውም። «ቃናው ወዳጃዊ ይሁን» የሚለው ግን የእኔ ጥፋት ነው። ለሃያ አምስት ዓመት ልጅ ወዳጃዊ ማለት «አንተ» ማለት ነው። ለእኔ ደግሞ ጎረቤት ከጎረቤቷ ጋር ስታወራ ነው። በአማርኛ ቃናው ያለው ግሡ ላይ ነው። «ና»፣ «ኑ»፣ «ይምጡ» ሦስቱም ሌላ ሰው ነው የሚጠሩት። ብሪፉ ላይ «እናንተ እያልክ ጻፍ» ብዬ ቢሆን ኖሮ ግማሹ ችግር ባልመጣ ነበር።

ከዚያ በኋላ የላክሁት ማስታወሻ ይህ ነው፦

«ሰላም ወንድሜ፣ እንዴት ሰነበትክ? ድራፍቱን ደጋግሜ አነበብኩት። ዋጋውና የሱቁ አቅጣጫ ያለበት ክፍል ግልጽ ነው፣ እሱን እንዳትነካው።

ብሪፉ ላይ አንባቢዎቹ በግቢያቸው አሥር ሃያ ዶሮ የሚያረቡ እናቶች ናቸው ብለናል። ድራፍቱ የሚጀምረው ግን ‹ወጣቱ ሥራ ፈጣሪ› ብሎ ነው። ዶሮ ለምታረባ ጎረቤቴ ሳነብላት ‹ለልጄ ልስጠው?› አለችኝ። ስለዚህ ከመጀመሪያው መስመር ጀምሮ እናቶቹን ‹እናንተ› እያለ ያናግር።

ሁለተኛው ነገር ክትባቱ ነው። እናቶቹ መጀመሪያ የሚጠይቁት ‹ተከትበዋል ወይ?› ብለው ስለሆነ ከታች ወደ ላይ ይምጣ። ‹ከበሽታ ነፃ› የሚለው ግን ይውጣ፤ ክትባት መውሰዳቸውን እንጂ እንደማይታመሙ ቃል መግባት አልችልም።

‹ቃናው ወዳጃዊ ይሁን› ያልኩህ በቂ አልነበረም፤ ይህ የእኔ ጉድለት ነው። የፈለግሁት እንዲህ ያለውን ነው፦ ‹ጫጩቶቹ የፈንግል ክትባት ወስደዋል። 45 ቀን ሞልቷቸዋል። መጥታችሁ እያያችሁ ምረጡ።› ለቃናው ነው የጻፍኩልህ፣ ቃላቱን አንተ ታሳምራቸዋለህ።

ከተስማማንባቸው ሁለት እርማቶች ይህን እንደ መጀመሪያው ቁጠረው። ያለፈውን በደንብ ስላልነገርኩህ አልቆጥረውም። እስከ ሐሙስ ማታ ቢደርሰኝ ዓርብ ማተሚያ ቤት እሰጠዋለሁ፣ ቀሪውን ክፍያም በዚያው ቀን እልካለሁ። ያልገባህ ካለ ደውልልኝ።»

«አልወደድኩትም» የሚል ቃል የለበትም፣ አየሽ? ብሪፉ ያለውንና ድራፍቱ ያለውን ጎን ለጎን ስታስቀምጪ ልዩነቱን ልጁ ራሱ ያየዋል። ስለ ችሎታው ክርክር ውስጥ አትገቡም። የጎረቤቴን ቃል የጨመርኩትም ለዚህ ነው። የእኔን ስሜት ሊከራከርበት ይችላል፤ አንባቢዋ ወረቀቱን ለልጇ ልትሰጥ መነሳቷን ግን ምን ብሎ ይከራከራል? አንቺም ከመጻፍሽ በፊት ወረቀቱ የሚደርሳት ዓይነት አንዲት ሴት ፈልጊና አንብቢላት። ያለችውንም ቃል በቃል ጻፊው፣ እንዳታሳምሪው።

ምሳሌውን ሦስት ዐረፍተ ነገር ላይ አቁሚው። ሙሉውን ጽፈሽ ከላክሽ ልጁ ጸሐፊ መሆኑ ቀርቶ ገልባጭ ይሆናል፤ የሚቀየመውም እዚያ ላይ ነው። በየመስመሩ ቀይ ምልክት ማድረግም ያው ነው። ቃላት መልቀም ስትጀምሪ ልጁ ቃላቱን ብቻ ቀይሮ ይመልስልሻል፤ የተሳሳተ ሰው የሚያናግረው ወረቀት ግን ያው ይቀራል።

በድምፅ መልእክት አትላኪው። ሲሠራ ተመልሶ የሚያየው ጽሑፍ ያስፈልገዋል። ጽሑፉን ላኪና ትንሽ ቆይተሽ ደውዪለት፤ ድምፅሽን ሲሰማ ቅር እንዳላለሽ ይገባዋል። በአካል የማታውቂው ከሆነ ደግሞ «እርስዎ» እያልሽ ጻፊ፤ በእርማት ወቅት በድንገት «አንተ» ማለት ቁጣ ይመስላል።

አንድ ነገር ላስጠንቅቅሽ። የምትጠይቂው ነገር ብሪፉ ላይ ከሌለ «ብሪፉን አላየኸውም» ማለት አትችዪም። ያ አዲስ ሥራ ነው፤ ጭማሪ ክፍያ ቢጠይቅሽም እውነት አለው። እኔ የሱቁን ጽሑፍ በአፋን ኦሮሞም እንደማስተረጉመው ብሪፉ ላይ ሳልጽፍ ቀርቼ፣ ለትርጉም እንዲመች ዐረፍተ ነገሮቹን እንዲያሳጥር በኋላ ስለምነው ለዚያ ለብቻው ከፍዬዋለሁ።

ልጁ ረቡዕ ማታ ላከልኝ። መክፈቻው «እናቶች፣ ጫጩቶቹ ተከትበው መጥተዋል» ይላል። ለጎረቤቴ አነበብኩላት። አንደኛዋን መስመር ስትሰማ አቋረጠችኝና «የስንት ብር ናቸው?» አለችኝ። ወረቀቱን ዓርብ ማተሚያ ቤት ሰጠሁት።