ሳይትሊንኩ ገብቷል፣ ስልኩም ገብቷል፤ ታዲያ ለምን አይታይም?

«ጋሼ እንደምን ከረሙ? ደሴ ላይ አነስተኛ ገስት ሃውስ አለችኝ። ጎግል ላይ በእንግሊዝኛ እናስተዋውቃለን። አካውንቱን የከፈተልኝ አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ያለው ወንድሜ ነው፤ ክፍያውም በእሱ ካርድ ነው። ከማስታወቂያው ሥር የሚወጡትን አራት ሊንኮችና የስልክ ቁልፉን አስገብተናል። የስልኩን ሰዓት ከ8:00 AM እስከ 9:00 PM አልነው። ከዚህ ሆኜ ስፈልገው ግን ሊንኮቹ የሉም። የስልክ ቁልፉ ጠዋት ፈጽሞ አይወጣም፣ ማታ ግን አንዳንዴ አየዋለሁ። ይባስ ብሎ ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ይደወልልኛል። ዌብሳይታችን አንድ ገጽ ብቻ ነው። ምን አጥፍተን ይሆን?»

እህቴ፣ አብሽሪ። ችግሩ ከደብዳቤሽ ውስጥ አለ። ሊንኮቹን የያዛቸው አንድ ገጽ ያለው ዌብሳይትሽ ነው። ስልኩን ያምታታው ደግሞ የሜሪላንድ ሰዓት ነው።

ከሰዓቱ ልጀምር፣ ቶሎ የሚስተካከለው እሱ ነውና። ጎግል አድስ የስልክ ቁልፉን ሰዓት የሚቆጥረው ደሴ ባለው ሰዓት አይደለም። ቆጠራው አካውንቱ ሲከፈት በተመረጠው የሰዓት ክልል ነው። ወንድምሽ እዚያ ሆኖ ከፍቶት ከሆነ አካውንቱ የሚሄደው በሜሪላንድ ሰዓት ነው ማለት ነው። በአሜሪካ የበጋ ሰዓት ሜሪላንድ ከእኛ 7 ሰዓት ወደ ኋላ ናት። እናንተ 8:00 AM ያላችሁት ደሴ ላይ ከሰዓት በኋላ 9 ሰዓት ይሆናል። 9:00 PM ያላችሁት ደግሞ ሌሊት 10 ሰዓት ነው። ስለዚህ ቁልፉ ጠዋት የለም፣ ማታ ብቅ ይላል፣ ሌሊት 8 ሰዓት ላይም ስልክ ይጮኻል። ማሽኑ ያዘዛችሁትን ነው ያደረገው።

ለማረጋገጥ ወንድምሽ Admin ገብቶ በአካውንቱ ቅንብር ውስጥ Time zone የሚለውን ይይ። እሱን ለመቀየር አትድከሙ፤ የስልኩን ሰዓት ብቻ አስተካክሉ። አሜሪካኖች ሰዓታቸውን በዓመት ሁለቴ ስለሚያዛውሩ ልዩነቱ ከመጋቢት መግቢያ አካባቢ እስከ ጥቅምት መጨረሻ ገደማ 7 ሰዓት ነው፣ በቀሪው ጊዜ 8 ይሆናል። በየጊዜው መነካካቱን ካልፈለጋችሁ ከ1:00 AM እስከ 1:00 PM ብላችሁ ተዉት። ልዩነቱ 7 ሲሆን ደሴ ላይ ከጠዋቱ 2 እስከ ማታ 2 ይወጣል። 8 ሲሆን ደግሞ ከጠዋቱ 3 እስከ ማታ 3። ሁለቱም ሰው ስልክ የሚያነሳበት ሰዓት ነው።

ሌሊቱንስ ለምን አንተወውም ትይኝ ይሆናል፤ ውጭ አገር ያለው ዘመድ የሚፈልገው በዚያ ሰዓት ነው። እውነት ነው። ግን ቁልፉን የነካ ሰው ማስታወቂያውን ከፍቶ እንደገባ ሰው ያስከፍላል፤ ስልኩ ተነሳ አልተነሳ ጎግል አይጠይቅም። ተኝተሽ ሳለ ላመለጠሽ ጥሪ ከመክፈል ለሌሊት ፈላጊ ዋትስአፕና ቴሌግራም ያለበትን የአድራሻ ገጽ በሊንክ ማሳየት ይሻላል። መልእክቱን ጠዋት ታነቢዋለሽ።

ስልክ ላይ እያለን አንዲት ነገር ልጨምር። ቁጥሩን ስታስገቡ አገሩን ኢትዮጵያ በሉት። ያው ቁጥር ዌብሳይቱ ላይም በጽሑፍ ይኑር። ብዙ ሰው ቁጥሩን ባነር ፎቶ ላይ ብቻ ያሰፍራል። ጎግል ቁጥሩ የዚያ ድርጅት መሆኑን ማረጋገጥ ይፈልጋል፤ ካልቻለ ቁልፉን ሊከለክል ይችላል።

አሁን ወደ ሊንኮቹ፣ ማለትም ሳይትሊንኮቹ። ከአካውንቱ Campaigns ሥር Assets የሚል ገጽ አለ። ድሮ ኤክስቴንሽን ይባሉ ነበር፣ ጎግል ስማቸውን የለወጠው በ2022 ነው፤ የቆዩ ቪዲዮዎች እያየሽ ከሆነ እንዳትደናገሪ። እዚያ ከየሳይትሊንኩ ጎን Status የሚል ዓምድ ታያለሽ። Disapproved የሚል ካገኘሽ ምክንያቱ እዚያው ተጽፏል። የእናንተ ምክንያት ከሞላ ጎደል ይታወቃል። እያንዳንዱ ሳይትሊንክ ለየት ያለ ይዘት ወዳለው ገጽ መውሰድ አለበት። ስሙ ቢለያይም አራቱም ወደ አንድ ገጽ ከሄዱ ጎግል አይቀበላቸውም። ኮምፒውተር ላይ ደግሞ ቢያንስ ሁለት የጸደቁ ካልተገኙ ጭራሽ አያወጣም።

መፍትሔው አራት ገጽ መሥራት ነው። ትልቅ ነገር አይደለም፤ በገጽ አሥር መስመርና ሁለት ፎቶ ይበቃል። ግን ርዕሱ የሰጠውን ተስፋ ይፈጽም። ለአንቺ ቤት እኔ ብሆን እነዚህን እመርጣለሁ፦

```
Rooms & Prices
Kombolcha Airport Pickup
Lake Hayq Day Trip
Location & Contact
```

የመጀመሪያውን የሚነካ ሰው ዋጋ ፈልጎ ነው፤ ስለዚህ ገጹ ላይ የክፍሉ ዓይነትና የአንድ ሌሊት ዋጋ በግልጽ ይቀመጥ። «ይደውሉልን» ብቻ ብለሽ ካለፍሽው ገንዘብሽን ጥለሻል። ሁለተኛው ለደሴ ቤት ትልቁ ነው። በአውሮፕላን የሚመጣ ሰው የሚያርፈው ኮምቦልቻ ነው፤ ከዚያ በማን እንደሚወጣ ይጨነቃል። የመኪናውን ዋጋ፣ ስንት ሰው እንደሚይዝና በረራ ቢዘገይ ምን እንደምታደርጉ ጻፊ። ሐይቅ እንግዳ የማትወስጂ ከሆነ ሦስተኛውን ተይው፤ የሌለሽን አገልግሎት አታስተዋውቂ።

የሳይትሊንክ ርዕስ ከ25 ቁምፊ ማለፍ አይችልም፣ ባዶ ቦታውም ይቆጠራል። Kombolcha Airport Pickup 24 ነው፤ ለጥቂት ነው የገባው። ከሥሩ ሁለት የማብራሪያ መስመር መጻፍ ይቻላል፣ እያንዳንዳቸው እስከ 35 ቁምፊ። ወይ ሁለቱንም ሙሊ ወይ ሁለቱንም ተይ፤ አንዱን ብቻ አይቀበልም። ለአየር ማረፊያው Our car meets you at the airport ብትይ 32 ነው፣ ይገባል። እነዚህን መስመሮች ብዙ ሰው በስንፍና ይዘላቸዋል። እኔ ግን ሁሌም እሞላቸዋለሁ፤ ጎግል ሲያወጣቸው ማስታወቂያው ስክሪኑ ላይ የሚይዘው ቦታ በጣም ይሰፋል።

ወንድምሽ በዚሁ አካውንት የራሱን ሥራም የሚያስተዋውቅ ከሆነ አንድ ነገር ተጠንቀቁ። ሳይትሊንክ በአካውንት፣ በካምፔንና በአድ ግሩፕ ደረጃ ይገባል። በአካውንት ደረጃ የገባው የካምፔንሽ ሳይትሊንክ መሃል ተቀላቅሎ ሊወጣ ይችላል። የእሱ ሱቅ ሊንክ ከገስት ሃውስሽ ሥር እንዳይገኝ ሁለታችሁም የየራሳችሁን በካምፔን ደረጃ አስገቡ።

«ነጻ የመኪና ማቆሚያ» ዓይነት አጫጭር ሐረጎች ኮልአውት ይባላሉ። አይነኩም፣ ይነበባሉ ብቻ። አራት አምስት ያህል አስገቢ፣ ነጻ ናቸው። ሙቅ ውሃ 24 ሰዓት ብለሽ የምትጽፊው ግን ውሃ ሲጠፋም ታንከር ካለሽ ነው። ጎግል ማፕ ላይ የቤትሽን ፕሮፋይል ካረጋገጥሽ እሱንም አያይዢው፤ አድራሻሽ አብሮ ይወጣል።

ይህን ሁሉ አስተካክለሽም ሁልጊዜ ላይታይ እንደሚችል ዕወቂ። ሳይትሊንክና ስልክ ለማስገባት አይከፈልም። መውጣት አለመውጣታቸውን ግን ጎግል በየፍለጋው ይወስናል። ለአንድ ክሊክ የምታቀርቢውን ዋጋ፣ የማስታወቂያውንና የገጹን ጥራት፣ ተጨማሪዎቹ ይጠቅማሉ ብሎ የሚገምተውን ሁሉ አንድ ላይ ይመዝናል። ከላይ የተቀመጠ ማስታወቂያ ተጨማሪውን የማግኘት ዕድሉ ሰፊ ነው፣ ከታች ያለው ራቁቱን ሊቀር ይችላል። hotel in dessie ለሚል ፍለጋ ከትልልቅ የሆቴል ማስያዣ ድርጅቶች ጋር ነው የምትጋፊው። በገስት ሃውስሽ ስም ሲፈለግ ግን የሚወዳደርሽ እምብዛም የለም። ስለዚህ ስምሽን እንደ ቁልፍ ቃል አስገቢና መጀመሪያ በእሱ ፈትሺ።

ስትፈትሺም ጎግል ላይ እየደጋገምሽ አትፈልጊ። አይተሽ ባልነካሽው ቁጥር ማስታወቂያው «ታየ፣ አልተፈለገም» ተብሎ ይመዘገባል፤ ከነካሽው ደግሞ ትከፍያለሽ። Tools ውስጥ Ad Preview and Diagnosis የሚባል አለ። አገሩን ኢትዮጵያ፣ መሣሪያውን ሞባይል አድርጊና እዚያ እዪ፤ ምንም አይቆጠርብሽም።

ከሁለት ሦስት ሳምንት በኋላ ሪፖርት ስታዪ የምትሳሳችበትን ቦታ አስቀድሜ ልንገርሽ። Kombolcha Airport Pickup ከሚለው ጎን 40 ክሊክ ብታዪ 40 ሰው የአየር ማረፊያውን ሊንክ ነካ ማለት አይደለም። ሳይትሊንኩ በታየበት ጊዜ ማስታወቂያው በየትኛውም ቦታ የተነካው አንድ ላይ ተደምሮ ነው። Segment ውስጥ This asset vs. Other የሚለውን ምረጪ። ምናልባት This asset 3፣ Other 37 ይልሻል። ሊንኩን ራሱን የነኩት ሦስቱ ናቸው። ሦስት ብቻ ስለሆነም አታጥፊው፤ ማስታወቂያውን አስፍቶ 37ቱን ያመጣው ከፊሉ እሱ ሊሆን ይችላል።

በተቃራኒውም አትታለዪ። ሳይትሊንክ በወጣበት ጊዜ የክሊክ መጠኑ ከፍ ብሎ ታዪዋለሽ። ከዚያ ውስጥ የተወሰነው ማስታወቂያው ከላይ ስለነበረ የመጣ ነው፤ ከላይ ባይሆን ሳይትሊንኩም ላይወጣ ይችል ነበር። ስለዚህ «ሳይትሊንክ ክሊኬን እጥፍ አደረገው» የሚልሽን ሻጭ ስሚና እለፊው። የስልኩ ቆጠራም እንዲሁ ነው። ቁልፉ ስንቴ እንደተነካ ይነግርሻል እንጂ ማን አልጋ እንደያዘ አይነግርሽም። ለሚደውል ሁሉ «ከየት አገኙን?» በይና ደብተር ላይ ጻፊ።

አዲሶቹን ገጾች ሠርታችሁ ሳይትሊንኮቹን ስታስገቡ ምርመራው ብዙውን ጊዜ በአንድ የሥራ ቀን ያልቃል። Status ላይ የተከለከለ ካልቀረ በስምሽ ፈትሺ። በስምሽ ሲወጣ hotel in dessie ሲባል ካልወጣ ሳይትሊንኮቹን መነካካት አቁሚ። ያኔ የሚታየው የምታቀርቢው ዋጋና ማስታወቂያሽ የሚወጣበት ደረጃ ነው።