ሂሳብ ሠራተኛው «ላይሰበሰብ ይችላል» ብሎ ከትርፋችን ቀነሰ፤ ይቻላል?

«የግንባታ ዕቃ በሚያቀርብ ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ውስጥ ሩብ ድርሻ አለኝ። ሥራ አስኪያጁ የአጎቴ ልጅ ነው። ትርፉ 1,100,000 ብር ነው ሲባል ከርሞ፣ የሰኔ 30 ሂሳብ ሲዘጋ 900,000 ሆኖ መጣ። ልዩነቱ "ለአጠራጣሪ ተሰብሳቢ ሂሳብ የተያዘ ነው" አሉኝ። ዕዳውን የካደ ደንበኛ ግን የለም። ለባለዕዳ ምሕረት ሲያደርጉ እኔን አይጠይቁኝም? ግብሩስ በዚያው ልክ ይቀንሳል?»

ምሕረት የተደረገለት ሰው የለም፣ እህቴ። መጠባበቂያ የተያዘው በመዝገብ ላይ ብቻ ነው። የደንበኞቹ ዕዳ እስከ መጨረሻዋ ሳንቲም አለ። ማኅበሩ ነገ ከሶ ሊያስከፍላቸው ይችላል።

ታዲያ ለምን ይያዛል? በዱቤ የተሸጠ ዕቃ ብሩ ሳይገባ በፊት ገቢ ሆኖ ይመዘገባል። ከዚያ ውስጥ የተወሰነው እንደማይመጣ ከልምድ ይታወቃል። በአዋጅ ቁጥር 847/2006 መሠረት የሚዘጋጅ የሂሳብ መግለጫ ደግሞ ተሰብሳቢውን ይገኛል ከሚባለው በላይ አድርጎ ማሳየት የለበትም።

የማኅበርዎን ዝርዝር ስላላየሁ ከእርስዎ ቁጥር ጋር የሚገጥም ምሳሌ ልሥራ። ሰኔ 30 ላይ ደንበኞች ያለባቸው 4,000,000 ብር ነው እንበል። ሂሳብ ሠራተኛው ዕዳውን በዕድሜው ይከፋፍለዋል። ወር ያልሞላው 2,000,000 ስለሆነ 1 በመቶውን፣ 20,000 ብር ይይዛል። ከአንድ እስከ ሦስት ወር ከቆየው 1,200,000 ላይ 5 በመቶ፣ ማለትም 60,000። ከሦስት ወር እስከ ዓመት ከቆየው 600,000 ላይ 20 በመቶ፣ 120,000። ዓመት ካለፈው 200,000 ላይ ግማሹን፣ 100,000። ድምሩ 300,000 ይሆናል።

አሁን ልብ ይበሉ። ከአምና የዞረ 100,000 ብር መጠባበቂያ ካለ፣ ዘንድሮ ወጪ የሚሆነው የጎደለው 200,000 ብቻ ነው። ትርፉ ከ1,100,000 ወደ 900,000 የሚወርደው በዚህ ነው። ተሰብሳቢው ደግሞ በተጣራ 3,700,000 ሆኖ ይታያል። ሂሳብ ሠራተኛው የአምናውን ረስቶ 300,000ውን እንዳለ ወጪ ቢያደርገው ኖሮ ስህተት ነበር። ይሄ ስህተት ብዙ ቦታ ይገጥመኛል።

በመጪው ዓመት 80,000 ብር ያለበት አንድ ደንበኛ ጭራሽ እንደማይከፍል ተረጋገጠ እንበል። ያን ጊዜ ዕዳው ከመዝገብ ይሰረዛል። ተሰብሳቢው 3,920,000፣ መጠባበቂያው 220,000 ይሆናል፤ የተጣራው ያው 3,700,000 ነው። ትርፉ አይነካም፤ ወጪው ቀድሞ ተይዟልና።

ግብሩ ላይ መልሱ ሌላ ነው። የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 ገና ላልደረሰ ኪሳራ የተያዘ መጠባበቂያን በወጪነት አይቀበልም። ስለዚህ 200,000ው ተመልሶ ይደመርና ግብሩ በ1,100,000 ላይ ይሰላል፤ በ30 በመቶ 330,000 ብር። የማይሰበሰብ ዕዳ ለግብር የሚቀነሰው ቀድሞ ገቢ ሆኖ ተመዝግቦ ከሆነ፣ ከመዝገብ ከተሰረዘ፣ እንዲሁም ለማስከፈል አስፈላጊው ሕጋዊ እርምጃ ተወስዶ ካልተቻለ ነው። ባንኮችና ሌሎች የገንዘብ ተቋማት የራሳቸው ድንጋጌ አላቸው። እንደ እናንተ ያለ ነጋዴ ግን የክስና የፍርድ ወረቀት ከሌለው ግብር መሥሪያ ቤት ውስጥ ይቸገራል።

ስጋትዎ ግን መሠረት የለውም አልልም። መጠባበቂያ ግምት ስለሆነ ትርፍ መደበቂያም ይሆናል። ዘንድሮ አብዝቶ ይዞ ክፍፍሉን ማሳነስ፣ ከርሞ መልሶ ትርፍ ማድረግ ይቻላል። በተለይ በመሃል አንድ ባለድርሻ ድርሻውን የሚሸጥ ከሆነ ጉዳዩ ቀላል አይደለም። ተቃራኒውም ያሳስበኛል፤ ትንሽ ይዞ ትርፍ ማሳበጥና የሌለ ገንዘብ መከፋፈል።

ለማወቅ የዕዳዎቹን የዕድሜ ዝርዝር በጽሑፍ ይጠይቁ። የአምናውን መቶኛ ከዘንድሮው ጋር ያስተያዩ። ከተቀየረ ምክንያቱ ምን ነበር? ቀጥሎ ከሐምሌ ወዲህ ስንት ብር እንደገባ በባንክ መግለጫ ያመሳክሩ። ግማሹ ይጠፋል ከተባለው 200,000 ውስጥ 180,000ው ሐምሌ ላይ ገብቶ ከሆነ፣ ግምቱን ማስረዳት ያለበት ሥራ አስኪያጁ ነው። ከባለዕዳዎቹ መካከል የእሱ ዘመድ ወይም የራሱ ድርጅት መኖሩንም ይዩ። እዚያ የሚያዝ ትልቅ መጠባበቂያ ጥያቄ ያስነሳል።

አንድ ነገር አደራ እላለሁ። ማንም ለደንበኛ «ዕዳህን ሰርዘናል» ብሎ ደብዳቤ እንዳይጽፍ። በመዝገብ መሰረዝ ዕዳን አያጠፋም፤ ለባለዕዳው ነጻ ነህ ብሎ መንገር ግን ሊያጠፋው ይችላል። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1845 መሠረት፣ ልዩ ድንጋጌ ከሌለ በቀር ከውል የመነጨ ዕዳ በ10 ዓመት ይርጋ ይታገዳል። ባለዕዳው ከፊሉን በመክፈል ዕዳውን ካመነ ቆጠራው እንደገና ይጀምራል። ስለዚህ ዓመት ካለፋቸው ደንበኞች ትንሽም ብትሆን ክፍያ ተቀብላችሁ፣ ለየትኛው ዕዳ እንደሆነ የሚገልጽ ደረሰኝ ቁረጡና ቅጂውን ከዱቤ ሰነዱ ጋር አያይዙ።