ንቅሳቱን ሲሸፍኑ የክንዱን ክብነት ስለ መጠበቅ

«በደብረ ማርቆስ ፎቶ ቤት እሠራለሁ። ባሕር ዳር የሚገኝ አንድ ስቱዲዮ ለፎቶ አርታኢነት ሊፈትነኝ የሙሽራ ፎቶ ላከልኝና ክንዷ ላይ ያለውን የመስቀል ንቅሳት እንድሸፍን አዘዘኝ። ብርሃኑ ከግራ በኩል ካለ መስኮት ነው የሚገባው። ሠርቼ ብልክላቸው ‹ፕላስተር የተለጠፈበት ይመስላል› ብለው መለሱልኝ፤ ደግሜ እንድሞክር አንድ ሳምንት ሰጥተውኛል። ምን ባደርግ ይሻላል?»

ውድ ጠያቂ፣

ፕላስተር የሚመስለው ብዙውን ጊዜ አንድ ወጥ ቡናማ ቀለም በክንዱ ስፋት ላይ ሲዘረጋ ነው። ክንድ ክብ በመሆኑ፣ ብርሃኑ ከግራ ሲመጣ የግራው ወገን ይደምቃል፣ መሐሉ ይለዝባል፣ የቀኙ ወገን ደግሞ ይጠቁራል። ከክርን ወደ እጅ አንጓ ሲወርዱ ግን ብርሃኑ ብዙም አይለወጥም። ስለዚህ ለመሸፈኛ የሚሆነውን ቆዳ ከንቅሳቱ ጎን ሳይሆን በክንዱ ርዝመት ከበላዩ ወይም ከበታቹ ይውሰዱ። የመስቀሉ አግድም ክንፍ ከብርሃን ወደ ጥላ የሚሻገር በመሆኑ፣ ቦታውን ደማቅ፣ መካከለኛና ጥቁር ብለው በሦስት ሰቅ ይክፈሉትና እያንዳንዱን ሰቅ ከራሱ መስመር በመጣ ቆዳ ብቻ ይሸፍኑ።

ሥራውን በፎቶሾፕ ሲጀምሩ የቆዳውን ሸካራነት ከቀለሙና ከጥላው ይለዩ። ፎቶውን በሁለት ሌየር ያባዙና የላይኛውን ለጊዜው ደብቀው የታችኛውን በ Gaussian Blur ያደብዝዙት። መጠኑን በቁጥር አይሸምድዱ፤ የቆዳው ቀዳዳዎችና ጸጉሩ ጠፍተው የክንዱ ጥላ ሳይበላሽ የሚቀርበት ቦታ ላይ ያቁሙ። ከዚያ የላይኛውን ሌየር ይግለጡና Apply Image ከፍተው በ Layer የደበዘዘውን ይምረጡ፤ Blending ን Subtract፣ Scale ን 2፣ Offset ን 128 ያድርጉ። ይህ ለ 8 ቢት ፎቶ የሚሠራ ነው። በመጨረሻም የሌየሩን ሁኔታ Linear Light ሲያደርጉት ፎቶው ወደ ቀድሞ መልኩ ይመለሳል፤ ካልተመለሰ አንዱ ቁጥር ተሳስቷል ማለት ነው።

አሁን የንቅሳቱ የመስመር ጠርዝ በላይኛው ሌየር፣ አረንጓዴ ጉሙ ደግሞ በታችኛው ይገኛል። በላይኛው ላይ በ Clone Stamp ንጹሕ ሸካራነት ከዚያው ሰቅ እያመጡ ጠርዙን ያጥፉ፤ Sample የሚለው Current Layer መሆኑን አስቀድመው ያረጋግጡ፣ የጸጉሩም አቅጣጫ እንዳይጋጭ ይጠንቀቁ። በታችኛው ላይ ጠርዙ የለሰለሰ ብሩሽ ይዘው፣ Opacity ን ወደ 20 በመቶ ዝቅ አድርገው፣ ከዚያው ሰቅ ንጹሕ የቆዳ ቀለም እየወሰዱ፣ በክንዱ ርዝመት እየደጋገሙ ይቀቡ። የመስቀሉ ጫፍ ወደ ክንዱ ጠርዝ የሚቀርብ ከሆነ ማደብዘዙ የቀሚሱን ነጭ ወደ ቆዳው ስለሚያስገባ፣ እዚያ ሲደርሱ ነጣ ያለውን ጠርዝ በናሙናነት አይውሰዱ።

እርግጠኛ ለመሆን በሁሉም ላይ የ Black & White ማስተካከያ ሌየር ይጨምሩ። በጥቁርና ነጭ ሲታይ ቦታው ከተለየ ጥፋቱ የብርሃን ነው፤ ወደ ታችኛው ሌየር ይመለሱ። በጥቁርና ነጭ ጠፍቶ በቀለም ብቻ ከታየ ደግሞ የቀረው የንቅሳቱ አረንጓዴ ነውና፣ ሁኔታው Color የሆነ አዲስ ሌየር ከፍተው ከዚያው ሰቅ በተወሰደ የቆዳ ቀለም ስስ አድርገው ይቀቡት። ይህንን ምርመራ አጥብቄ እመክርዎታለሁ፤ መሳሳትዎን ብቻ ሳይሆን የት እንደተሳሳቱም ያሳይዎታል።

ፎቶው በቴሌግራም እንደ ተራ ፎቶ ደርሶዎት ከሆነ ተጨምቆ ሸካራነቱን አጥቷልና እንደ ፋይል እንዲልኩልዎ ይጠይቁ። ይህን መጠየቅ አያሳፍርም፤ ሥራውን የሚያውቅ ሰው የሚጠይቀው ነው።

በቀሩት ቀናት በራስዎ ክንድ ይለማመዱ። ካሜራውን በማቆሚያ አስረው፣ ክንድዎን ጠረጴዛ ላይ አሳርፈው፣ በመስኮት ብርሃን አንድ ጊዜ ንጹሑን፣ አንድ ጊዜ ደግሞ በእስክሪብቶ መስቀል ሥለውበት ያንሱ። ሥዕሉን ካጠፉ በኋላ ከንጹሑ ፎቶ ጋር ሲያስተያዩት ስሕተትዎን የሚነግርዎ እርማት በእጅዎ ይኖራል። እስክሪብቶ ከቆዳው በላይ፣ የንቅሳት ቀለም ግን ከቆዳው ውስጥ በመሆኑ፣ እውነተኛው ንቅሳት ጠርዙ የፈዘዘና ሰፋ ያለ እንደሚሆን ያስታውሱ።

ለስቱዲዮው የተጠናቀቀውን ፎቶ ብቻ ሳይሆን ሌየሮቹ ያልተዋሃዱበትን የ PSD ፋይልም ይላኩ፤ አሠሪ የሚመዝነው ነገ ሌላ ሰው ሊያርመው የሚችል ሥራ መሥራትዎን ጭምር ነው። የሙሽራይቱን ፎቶ ግን ያለ ፈቃዷ የሥራ ናሙና አድርገው ለሌላ ቀጣሪ አያሳዩ፤ ለዚያ የራስዎ ክንድ ይበቃል። በጎጃም ብዙ እናቶችና እኅቶች የመስቀል ንቅሳታቸውን ለእምነትም ለጌጥም የሚወዱት ስለሆነ፣ ሥራውን ሲያስረክቡ «ይጥፋ ያለችው ራሷ ሙሽራይቱ ናት?» ብለው በአክብሮት ይጠይቁ። ቢቀጠሩም ይህንኑ ጥያቄ ከእያንዳንዱ ትእዛዝ በፊት ያቅርቡ።