ከማያውቁት ሰው ጋር ጨዋታ ሲጀመር

«ዝምተኛ ሴት ነኝ። በሚቀጥለው ሳምንት ከማላውቃቸው ሰዎች ጋር ሥልጠና እጀምራለሁ። በመጀመሪያው ቀን ስለ ምን ባወራ ይሻላል? ምንስ ባላነሣ?»

እህቴ፣ በእንግዳ ተቀባይነት ስሠራ ብዙ ዓመት ውሎዬ ከማላውቃቸው ሰዎች ጋር ነበር። መጀመሪያ ሁለታችሁም የምታዩትን ነገር አንሺ፤ አዳራሹን፣ መርሐ ግብሩን፣ የጠዋቱን ዝናብ። የአየር ጠባይ ወሬ ይናቃል፤ እኔ ግን አልንቀውም። የሰው ልጆችን ባህል ያጠናው ብሮኒስላቭ ማሊኖቭስኪ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1923 እንደጻፈው፣ እንዲህ ያለው ወሬ አዲስ ነገር ለመንገር ሳይሆን የእንግዳ ሰው ዝምታ የሚፈጥረውን ስጋት ለማራቅ ነው።

ቀጥሎ፣ በአጭሩም በረጅሙም ሊመለስ የሚችል ጥያቄ ጠይቂ። አጠገብሽ የተቀመጠችውን ሴት «መንገዱ እንዴት ነበር?» ብትያት፣ «ደህና ነበር» ብላ ማብቃት ትችላለች፤ ከፈለገችም ሁሉንም ትተርክልሻለች። «ሁለት አውቶቡስ ቀይሬ ነው የመጣሁት» ካለችሽ ወደ ሌላ ርእስ አትዝለዪ፤ ያቀበለችሽን ክር ያዢ። «ያን ሁሉ ሰዓት በምን ታሳልፊዋለሽ?» ስትያት ምናልባት መጽሐፍ እንደምታነብ ትነግርሻለች፤ ከዚያ በኋላ ጨዋታው ራሱ ይሄዳል። አንቺም ስለ ራስሽ ጥቂት ጣል አድርጊ፤ ጥያቄ ብቻ ከተደረደረ ምርመራ ይመስላል።

ፖለቲካ፣ ሃይማኖትና ደመወዝ አይነሡም፤ ይህን ሁሉም ያውቀዋል። እኔ የበለጠ የምፈራው ደግነት የሚመስለውን ጥያቄ ነው። «አግብተሻል? ልጆችስ?» የሚለው፣ ልጅ ለሞተባት ወይም በቅርቡ ለተፋታች ሴት ቀላል መልስ የለውም። «የለኝም» ብትል እንኳ «ለምን?» ይከተላል። ራሷ ልጆቿን ካነሣች ግን በደስታ ተከተያት። ስለ ሰውነትም እንዲሁ ነው፤ «እንዴት ደስ ይላል፣ ቀጭን ነሽ!» የተባለችው ሴት ታማ ከስታ ሊሆን ይችላል። ማድነቅ ካማረሽ የመረጠችውን ነገር፣ ለምሳሌ ቦርሳዋን አድንቂ። «ሥራሽ ምንድን ነው?» የሚለውም ሥራ ያጣን ሰው ያሳቅቃል፤ «ወደዚህ ሥልጠና ምን አመጣሽ?» ይሻላል። አሠልጣኙን ማማት ደግሞ ፈጽሞ አይሆንም፤ ማን የማን ዘመድ እንደሆነ በመጀመሪያው ቀን አይታወቅም።

መልሷ ካጠረ፣ መልሳ ካልጠየቀችሽና ዓይኗ ወደ ስልኳ ከሄደ አንድ ጊዜ ብቻ ሌላ ነገር ሞክሪ፤ ዓይን አፋርነት ሊሆን ይችላልና። አሁንም እንደዚያው ከሆነ «በኋላ እንገናኛለን» ብለሽ ተያት። የማይነካ ነገር መንካትሽ ከገባሽም ይቅርታ አትደራርቢ፤ ያን ጊዜ እርሷ አንቺን ወደ ማጽናናት ትገባለች። «ይቅርታ» ብለሽ «ቀጣዩ ክፍለ ጊዜ ስንት ሰዓት ነው የሚጀምረው?» ብትያት ይበቃል።