የጋራ ቻናል ሥራና ገቢ አከፋፈል፦ ጥያቄና መልስ ከደሴ

መላሽ፦ ከሁለት የአክስቴ ልጆች ጋር ደሴ ላይ የዩቲዩብ ቻናል ስናካሂድ ስድስት ዓመት ሆኖናል፤ የሒሳቡን መዝገብ የምይዘው እኔ ነኝ። ከዚህኛው በፊት ከጓደኞቼ ጋር የነበረኝ ቻናል ገንዘብ ማስገባት በጀመረ በአራተኛው ወር ፈርሷል፤ ያን ጊዜ አንዲት ገጽ ወረቀት እንኳ አልነበረንም። በሥራ ክፍፍል፣ በገቢ ክፍፍልና በውል ላይ የቻልኩትን እመልሳለሁ። ተመልካች እንዴት እንደሚበዛ ግን አትጠይቁኝ።

የወረባቦ ልጅ፦ አያ፣ ሦስት ጓደኛሞች ነን፤ እንዴት ብንካፈል ይሻላል?

መላሽ፦ ማን ምን እንደሚሠራ፣ ካሜራው የማን እንደሆነ፣ ወጪውን ማን እንደሚሸፍን ሳትነግረኝ የምሰጥህ ቁጥር ግምት ብቻ ይሆናል። ጻፍና ተመለስ።

ከኮምቦልቻ፦ እኔ አቀርባለሁ፣ ወንድሜ በራሱ ካሜራ ይቀርጻል፣ የአጎታችን ልጅ ያቀናብራል። እኩል ለሦስት ተስማምተን ነበር፤ አሁን አቀናባሪው ሌሊቱን ሙሉ የምሠራው እኔ ነኝ፣ እኩል አልወስድም ብሏል።

መላሽ፦ ይህ የሚመለስ ጥያቄ ነው። የአጎትህ ልጅ አልተሳሳተም፤ ነገር ግን የእሱን ድርሻ ከፍ የእናንተን ዝቅ በማድረግ ብቻ ነገሩ አይፈታም፤ በሚቀጥለው ወር ወንድምህ ይነሣል። ወሎ ውስጥ በእኩል ሲታረስ ያየ ሰው መልሱን ያውቀዋል፦ መሬቱ የአንዱ፣ በሬው የሌላው፣ ጉልበቱ የሦስተኛው ሊሆን ይችላል፤ ዘር ያበደረም ካለ ብዙ ቦታ ዘሩ ከአውድማው ላይ አስቀድሞ ይመለስለታል። የእናንተ ቻናልም መሬት፣ በሬ፣ ጉልበትና ዘር አለው፤ አራቱን በአንድ ቁና ስለሰፈራችሁ ነው የተጣላችሁት።

የአንድ ወር ሒሳብ በምሳሌ ላሳይህ። ባንክ የገባው 60,000 ብር ነው እንበል። በመጀመሪያ ዘሩ ይመለሳል፦ ለኢንተርኔት 3,000፣ ለባቲ ገበያ ቀረጻ መጓጓዣ 4,000፣ ለካሜራው ደግሞ በቀረጻ ቀን 500 ብር ኪራይ ለስድስት ቀን 3,000፣ በድምሩ 10,000 ብር። የካሜራው ኪራይ ለወንድምህ የሚከፈለው የበሬው ባለቤት ስለሆነ ነው፤ የቀራጭነቱ ዋጋ ከዚህ ጋር መቀላቀል የለበትም። ከቀረው 50,000 ላይ ለዕቃ መተኪያ 5,000 ይቀመጥ። የሚከፈለው 45,000 ብር ይሆናል።

ይህን ለሁለት ክፈሉት። አርባው በመቶ፣ ማለትም 18,000፣ የመሬቱ ነው፤ ቻናሉን አብራችሁ ስላቆማችሁት ለሦስት እኩል ይደርሳል፣ ለእያንዳንዳችሁ 6,000። ስልሳው በመቶ፣ ማለትም 27,000፣ የጉልበት ነው፤ እሱ በነጥብ ይከፈላል። ለአንድ ቪዲዮ አሥር ነጥብ ስጡ፦ ዝግጅትና ማቅረብ ሦስት፣ ቀረጻ ሦስት፣ ማቀናበር አራት። በወሩ ስድስት ቪዲዮ ከወጣ ስልሳ ነጥብ ነው፤ አንዱ ነጥብ 450 ብር ያወጣል። አንተ ስድስቱንም አቅርበህ 18 ነጥብ አግኝተሃል፣ 8,100 ብር። ወንድምህ አራቱን ብቻ ቀርጾ 12 ነጥብ፣ 5,400። የአጎትህ ልጅ ስድስቱን አቀናብሮ ሁለቱን ደግሞ በወንድምህ ፋንታ ስለቀረጸ 30 ነጥብ፣ 13,500። የመሬቱን ድርሻ ስትደምር አንተ 14,100፣ ወንድምህ 11,400 (የካሜራው 3,000 ለብቻው ነው)፣ የአጎትህ ልጅ 19,500 ይወስዳል። በሚቀጥለው ወር ወንድምህ ስድስቱንም ከቀረጸ ድርሻው ራሱ ይስተካከላል፤ ማንም ማንንም መለመን አያስፈልገውም።

ነጥቡን የምትመዘግቡት ቪዲዮው በወጣ ዕለት ነው። በወሩ መጨረሻ በትዝታ የሚሞላ መዝገብ የጠብ መነሻ ነው። ነጥቦቹም ድንጋይ ላይ የተጻፉ አይደሉም፤ የእናንተ ሥራ በብዛት ዝግጅት የሚበላው ከሆነ ማቅረብን አራት አድርጉት፣ ነገር ግን ለውጡ ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ ይሁን እንጂ ወደ ኋላ አይሂድ።

የሐይቅ ልጅ፦ በእኛ እቁብ ሰብሳቢው ትንሽ ይጨመርለታል፤ እዚህም ሒሳብ ያዡ እንዲያ ቢሆንስ?

መላሽ፦ በእቁብ ሁሉም ያዋጣውን በተራ ይወስዳል፤ የጋራ ገቢ የለም። ሒሳብ መያዝ ግን ሥራ ስለሆነ በወር ጥቂት ነጥብ ስጡት።

ከቦሩ ሜዳ፦ ይቅርታ አያ፣ ከወንድምና ከአጎት ልጅ ጋር ወረቀት መፈራረም እኛ ዘንድ ነውር ነው። እምነት ከሌለ መጀመሪያውኑ አብሮ አለመሥራት ይሻላል።

እመቤት ከከሚሴ፦ ነውሩ ኋላ በሽማግሌ ፊት ተቀምጦ መጯጯህ ነው። የቆይታ ዕዳ ሲሆን ጻፉ፣ ሁለት ምስክር አቁሙ ተብሎ በሃይማኖታችን የታዘዘው ወንድማማቾች ስለማይተማመኑ ነውን?

ከቦሩ ሜዳ፦ ዕዳ ሌላ፣ የቤተሰብ ሥራ ሌላ።

የወልዲያው፦ እናቴ ስለ ርስት ክርክር የምትለው ሌላ ነው፤ በ...

መላሽ፦ የርስቱን ክርክር ለሌላ ጊዜ አቆዩት። ለቦሩ ሜዳው የምለው ይህ ብቻ ነው፦ ወረቀቱ የሚጻፈው ገንዘብ ከመምጣቱ በፊት ሲሆን ማንም አይከፋም፤ የሚከፋው ገንዘቡ ከመጣ በኋላ ሲጻፍ ነው። ብሩ ሳይመጣ ጻፉ። ነውሩ የከበዳችሁ እንደሆነ አለመግባባት ቢነሣ ቀድመው የሚሰሙ ሁለት ሽማግሌዎችን በስም ወረቀቱ ውስጥ አስገቡ፤ እንዲህ ሲሆን ወረቀቱ ከባህላችን አይወጣም።

የመርሳው፦ ማኅተም የሌለው ውል ዋጋ የለውም፤ ሰነድ አረጋጋጭ ዘንድ ካልሄዳችሁ ሁሉም ከንቱ ነው።

መላሽ፦ ግማሹ ትክክል ነው። በ1952 የፍትሐ ብሔር ሕጋችን መሠረት ሕጉ ራሱ የተለየ አጻጻፍ ካላዘዘ በስተቀር ውል በስምምነት ይጸናል፤ ማኅተም የሁሉም ውል ግዴታ አይደለም። በጽሑፍ እንዲሆን ሕግ ያዘዘው ውል ግን በተዋዋዮቹ ተፈርሞ በሁለት ምስክሮች መረጋገጥ አለበት። ስለዚህ ግዴታ ይሁን አይሁን ሳትከራከሩ በእያንዳንዱ ገጽ ፈርሙ፣ ሁለት ምስክር አስፈርሙ። ተመዝግባችሁ የንግድ ማኅበር የምታቋቁሙ ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው፤ ያኔ ጠበቃ ጠይቁ።

ማረጋገጫ የግድ የሚሆንበትን አንድ ጉዳይ ግን ብዙዎቻችሁ አትጠይቁም። ተረት የምትነግረው አያታችሁ ወይም ምግብ የምትሠራው እናታችሁ ማንበብና መጻፍ ካልቻለች የጣት አሻራዋ ብቻውን አያስገድዳትም፤ ውል ለማዋዋል ሥልጣን ባለው ሰው፣ በሬጅስትራር ወይም በዳኛ ፊት ካልተረጋገጠ በስተቀር። ቻናሉ በእሷ ፊት የቆመ ሆኖ ውሉ እሷን የማይዛት ሲሆን፣ ድርሻዋም በወረቀት አይያዝላትም ማለት ነው። በእኔ ግምት ከሁሉ በላይ የምትጎዳው እሷ ናት።

የተንታው፦ አያ፣ ለካሜራው ሰው በመቶ ስንት፣ ለአቅራቢው በመቶ ስንት ይሁን?

መላሽ፦ ለኮምቦልቻው የጻፍኩትን አንብብ። የቸኮለ ሰው በመቶ ብቻ ይጠይቃል፤ ከመቶው በፊት ምን እንደሚቀነስ አይጠይቅም።

ከላሊበላ፦ የይለፍ ቃሉን ሦስታችንም እናውቃለን፤ በእኛ መካከል ምስጢር የለም። ይበቃል?

መላሽ፦ አይበቃም። አንዱ ተቆጥቶ የይለፍ ቃሉን ቢቀይር ውላችሁ ሙሉ ቢሆንም ቻናሉ ከእጃችሁ ይወጣል። በአንድ ሰው የግል ጂሜይል ላይ የቆመ ቻናልም የዚያ ሰው ነው። ቻናሉ Brand Account ላይ ከሆነ ከአንድ በላይ ባለቤት ሊኖረው ይችላል፤ Primary owner ግን አንድ ብቻ ነው፣ አዲስ የገባ ባለቤትም ሰባት ቀን ሳይቆይ ወደዚያ ደረጃ አይሄድም። ሌሎቹ ሠራተኞች በዩቲዩብ ስቱዲዮ ፈቃድ ይግቡ፤ አቀናባሪ Editor መሆን ይበቃዋል። Primary owner ማን እንደሆነ ውሉ ላይ በስም ይጻፍ። ብሩ ሳይመጣ ጻፉ ያልኩት ይህንንም ይጨምራል።

የባቲው፦ የአድሴንሱ አካውንት አሜሪካ ባለችው እህቴ ስም ነው፤ ስቱዲዮው ላይ 800 ዶላር ይታያል፣ የምትልክልን ግን ያነሰ ነው። እየበላችን ይሆን?

መላሽ፦ እህትህን ከመክሰስህ በፊት አንድ ነገር እወቅ። ስቱዲዮ የሚያሳየው ግምት ነው፤ የተጠናቀቀው ሒሳብ አድሴንስ ላይ የሚሰፍረው በተከታዩ ወር ከ7 እስከ 12 ባለው ጊዜ ሲሆን፣ ክፍያው 100 ዶላር ከሞላ ከ21 እስከ 26 ይወጣል፤ ቀኖቹ በፈረንጅ ናቸው። ከሁሉ በላይ ደግሞ ገቢው በእሷ ስም ስለሚመዘገብ ግብሩም በእሷ ላይ ይወድቃል። ግብሩንና የማስተላለፊያውን ወጪ በደረሰኝ እያሳየች እንደ ዘር እንድትቀንስ ጻፉ፤ ስንት እንደሚሆን እዚያው ያለ ሒሳብ አዋቂ ይንገራት። እናንተም ዶላሩን አትካፈሉ፤ ባንክ የገባውን ብር ተካፈሉ።

የባቲው፦ ደረሰኝ ብጠይቃት ትቀየመኛለች።

መላሽ፦ ውሉ ከጠየቃት አትቀየምህም።

ከደሴ፣ ፒያሳ፦ ቲክቶክስ በዚሁ ይሄዳል?

መላሽ፦ የክፍፍሉ መንገድ ይሄዳል። የቲክቶክ ክፍያ እንዴት እንደሚገባ አልሠራሁበትም።

ከኮምቦልቻ፦ ሌላ ጥያቄ ልጨምር አያ። የአጎታችን ልጅ ቢወጣ ለድሮ ቪዲዮዎቹ ይከፈለዋልን? ወንድሜ የሄደ ሄደ ይላል።

መላሽ፦ የመጀመሪያው ቻናላችን የፈረሰው በዚህች ጥያቄ ነው። ጉልበቱ በወጣ ዕለት ይቆማል፣ ምክንያቱም ከዚያ በኋላ ነጥብ አያገኝም። የመሬቱን ድርሻ ግን ወዲያው ማቋረጥ ግፍ ነው፤ ለዘለዓለም መክፈልም የቀሩትን ይገድላል። እኛ የተስማማነው እንዲህ ነው፦ የወጣው ሰው እሱ በነበረበት ጊዜ ከወጡት ቪዲዮዎች ገቢ ላይ የመሬት ድርሻውን ለአሥራ ሁለት ወር ይወስዳል፣ ከዚያ ያበቃል።

አሠራሩ ቀላል ነው። በስቱዲዮ Analytics ውስጥ የድሮዎቹን ቪዲዮዎች ሰብስባችሁ አንድ Group አድርጉ፤ የቡድኑ ገቢ ከጠቅላላው ገቢ ስንት እጅ እንደሆነ ተመልከቱ። መጠኑን ሳይሆን እጁን ብቻ ነው የምትወስዱት፣ መጠኑ ግምት ነውና። ለምሳሌ የድሮዎቹ ቪዲዮዎች ከገቢው ግማሹን ካመጡ፣ ከላይ ካሰላነው 18,000 ግማሹ 9,000 የድሮዎቹ ነው፤ የወጣው ሰው ሲሶውን፣ 3,000 ብር ይወስዳል። ወራት ሲሄዱ አዳዲሶቹ ሲበዙ ድርሻው ራሱ እየቀነሰ ይሄዳል።

እመቤት ከከሚሴ፦ የሚወጣው አቅራቢው ቢሆንስ? ፊቱ በሁሉም ቪዲዮ ላይ ነው። ቪዲዮዎቹ ይጥፉልኝ ቢል?

የመርሳው፦ የማጥፋት መብት አለው፤ ፊቱ የራሱ ነው።

ከኮምቦልቻ፦ የቀረጽነውና ያቀናበርነውስ? እኛስ ድርሻ የለንም?

መላሽ፦ በቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 አብረው የሠሩት ሥራ በመሠረቱ የጋራቸው ነው፤ የመርሳው ካለው በተለየ ለአንዱ ብቻ የሚተው አይደለም። የምስሉ መብት ግን ራሱን የቻለ ክርክር ነው፣ ፍርድ ቤት እንዴት እንደሚያየው አላስረግጥም። እኛ በውላችን ያስገባነው፣ የወጣ ሰው የድሮዎቹን ቪዲዮዎች ማስጠፋት እንደማይችል፣ የቀሩትም የእሱን ፊት ለአዲስ ማስታወቂያ እንደማይጠቀሙ ነው። የአክስቴ ልጅ ያቺን መስመር ሳትፈርም ሁለት ሳምንት ቆይታለች፤ የድርሻውን ጊዜ ከስድስት ወር ወደ አሥራ ሁለት ያሳደግነውም እሷ እንድትፈርም ብለን ነው።