በእንግሊዝኛ ዝርዝር ውስጥ ግሡን እስከ መጨረሻው ስለ መያዝ

ውድ ወጣቶች፣

አራት ኪሎ አካባቢ በሚገኝ አንድ መሥሪያ ቤት ለብዙ ዓመታት የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ሳርም ኖሬአለሁ፤ ጡረታ ከወጣሁ ወዲህም የሰፈሬ ልጆች ድርሰታቸውን ይዘውልኝ ይመጣሉ። ደጋግሜ ከማርማቸው ነገሮች አንዱ በዝርዝር ውስጥ ያሉ ሐሳቦች ሰዋስዋዊ ቅርጻቸው አንድ ዓይነት አለመሆኑ፣ ማለትም የትይዩ አወቃቀር ጉድለት ነው። ምክንያቱ ግን ስንፍና አይመስለኝም፤ ከአማርኛችን ጠባይ ጋር የተያያዘ ነው ብዬ አምናለሁ።

በቅርቡ አንዲት ተማሪ ወመዘክር ቁጭ ብላ ስለ ቤተ መጻሕፍት ጥቅም የጻፈችውን አሳየችኝ። አንደኛው ዓረፍተ ነገር እንዲህ ይላል፦ «ዘ ላይብረሪ ሄልፕስ ስቱደንትስ ቱ ሪድ ኳይትሊ፣ ሚቲንግ አዘር ስቱደንትስ ኤንድ ዜይ ካን ፕሪፔር ፎር ኤግዛምስ።» ሐሳቡን በአማርኛ እንድትነግረኝ ስጠይቃት ያለ አንዳች ማመንታት «ቤተ መጻሕፍቱ ተማሪዎች በጸጥታ እንዲያነቡ፣ ሌሎች ተማሪዎችን እንዲያገኙና ለፈተና እንዲዘጋጁ ይረዳል» አለችኝ። «እንዲ» በሦስቱም ግሦች ላይ ሳይዛነፍ ተቀምጧል። ትይዩነትን ጆሮዋ አሳምሮ ያውቀዋል ማለት ነው፤ እንግሊዝኛው ላይ ለምን ጠፋባት?

በአማርኛ ዝርዝሩን የሚገዛው ግሥ፣ እዚህ ላይ «ይረዳል» የሚለው፣ መጨረሻ ላይ ስለሚመጣ ከፊቱ ያሉት ሁሉ እሱን እየጠበቁ ይሰለፋሉ። በእንግሊዝኛ ግን «ሄልፕስ» ቀድሞ ይነገርና ጸሐፊው ራሱ እስከ መጨረሻው ሊይዘው ይገባል። የመጀመሪያው ሐሳብ ከግሡ አጠገብ ስለሆነ አይስትም፤ ሦስተኛው ላይ ሲደርስ ግን ግሡ ከአእምሮው ርቋልና ሌላ ዓረፍተ ነገር የጀመረ ያህል «ዜይ ካን» ብሎ ይቀጥላል። ስለዚህ ዝርዝር ስትጽፉ መካከል ያለውን በእጃችሁ ሸፍናችሁ ግሡን ከእያንዳንዱ ሐሳብ ጋር ለብቻው አንብቡት። «ሄልፕስ ስቱደንትስ ቱ ሪድ» ይሄዳል፤ «ሄልፕስ ስቱደንትስ ሚቲንግ» አይሄድም፤ «ሄልፕስ ስቱደንትስ ዜይ ካን ፕሪፔር» ደግሞ ጨርሶ አይያያዝም። ተማሪዋ ይህን ካደረገች በኋላ በራሷ እጅ «ቱ ሪድ ኳይትሊ፣ ቱ ሚት አዘር ስቱደንትስ ኤንድ ቱ ፕሪፔር ፎር ኤግዛምስ» ብላ አስተካከለችው። «ቱ»ን መጀመሪያ ላይ አንድ ጊዜ ብቻ ማስቀመጥም ይቻላል፤ የማይቻለው በሁለቱ ላይ ጽፎ በአንዱ ላይ መተው ነው።

«ሚቲንግ» የሚለው ስሕተት ምንጩ ሌላ ነው። የእኛ ንዑስ አንቀጽ በ«መ» ይጀምራል፤ «ማንበብ»፣ «መዋኘት» እንላለን፤ እንግሊዝኛ ግን ለዚህ አንድ ቅርጽ ሁለት አለው፦ በ«ቱ» የሚጀምረውና በ«ኢንግ» የሚጨርሰው። «ማንበብና መዋኘት እወዳለሁ» የሚል ሰው በእንግሊዝኛ ሲጽፍ አንዱን በዚያ፣ ሌላውን በዚህ ቢያደርግ በአማርኛ ጆሮው ምንም አይሰማውም። ምርጫው ደግሞ ሁልጊዜ የእናንተ አይደለም፤ «ላይክ» ሁለቱንም ቅርጾች ሲቀበል «ኢንጆይ» «ኢንግ»ን ብቻ፣ «ዎንት» ደግሞ «ቱ»ን ብቻ ይቀበላል። በመሆኑም መጀመሪያ ግሡ የሚፈልገውን እወቁ፣ ከዚያ ሁሉንም በዚያው ጻፉ።

ጥንድ ሐሳቦችን በሚያያይዙት በ«ኖት ኦንሊ» እና በ«በት ኦልሶ» ላይም ተመሳሳይ ነገር ይገጥማችኋል። በአማርኛ «አማርኛ ብቻ ሳይሆን ኦሮምኛም ትናገራለች» ስንል «ብቻ» ከቃሉ ኋላ ይቆማል፣ «ም» ከቃሉ ጋር ይጣበቃል፤ የትኛውን ከየትኛው ጋር እንዳጣመርን አያጠራጥርም። የእንግሊዝኛዎቹ ግን ከቃሉ በፊት ስለሚቆሙ ቦታቸውን መምረጥ ያስፈልጋል። «ሺ ኖት ኦንሊ ስፒክስ አምሃሪክ በት ኦልሶ ኦሮሞ» ብትሉ ከመጀመሪያው ቀጥሎ ግሥ፣ ከሁለተኛው ቀጥሎ ስም ይመጣል፤ «ኖት ኦንሊ»ን ከ«ስፒክስ» በኋላ ስታደርጉት ሁለቱም በኩል ስም ይሆናል። «ኖት ኦንሊ»ን ከግሡ በፊት ማቆየት ከፈለጋችሁ ደግሞ በሁለተኛውም በኩል ሌላ ግሥ ስጡ፦ «ኖት ኦንሊ ስፒክስ አምሃሪክ በት ኦልሶ ራይትስ ኦሮሞ።»

ይህን ሕግ ከልክ በላይ አክርረው የሚይዙም አጋጥመውኛል። ቃላቱ በቁጥር ወይም በርዝመት እኩል እንዲሆኑ አይጠበቅም፤ «ስሎውሊ ኤንድ ዊዝ ግሬት ኬር» የሚለው አንዱ ነጠላ ቃል ሌላው ሐረግ ቢሆንም ትክክል ነው፤ ምክንያቱም ሁለቱም ድርጊቱ እንዴት እንደተፈጸመ ይገልጻሉ።