ኦሊጎማይሲን ኤቲፒ ሲንቴዝን ሲዘጋ ሚቶኮንድሪያው ኦክስጅን መጠቀሙን የሚያቆምበት ምክንያት

ጥያቄ፦ «ኦሊጎማይሲን የሚዘጋው ኤቲፒ ሲንቴዝን ብቻ ነው ተብለን ተምረናል። ታዲያ እሱ ሲጨመር ኦክስጅን መጠቀሙ ለምን ይቆማል? ዲኒትሮፌኖል ሲጨመርበትስ ለምን ይመለሳል? ሁለቱ እርስ በርስ የሚነካኩ አይመስለኝም።»

እውነት ነው፣ ሁለቱ አይነካኩም። ሁለቱም የሚሠሩት በአንድ ነገር ላይ ነው፤ እሱም በሚቶኮንድሪያው የውስጠኛ ገለፈት በሁለቱ ወገን መካከል ያለው የፕሮቶን ልዩነት ነው። ባዮኬሚስትሪ ላቦራቶሪ ሳስተምር እንዳየሁት፣ ብዙ ተማሪ ኤሌክትሮኖች ሲያልፉ ፕሮቶን ከማትሪክሱ፣ ማለትም ከሚቶኮንድሪያው ውስጠኛ ክፍል፣ ወደ ውጭ እንደሚገፋ በደንብ ያውቃል፤ የተገፋው ፕሮቶን ተጠራቅሞ ኤሌክትሮኖቹን መልሶ ሊያቆማቸው እንደሚችል ግን ልብ አይልም። የጥያቄው መልስ ያለው እዚህ ላይ ስለሆነ በቁጥር ላሳይ።

ከአንድ ኤንኤዲኤች የተነሡ ሁለት ኤሌክትሮኖች ኦክስጅን እስኪደርሱ ድረስ በሞል ወደ 220 ኪሎጁል የሚጠጋ ኃይል ይለቃሉ። በዚህ ኃይል ኤሌክትሮኖቹ ከሚያልፉበት የፕሮቲን ውስብስቦች ሰንሰለት አንደኛው ውስብስብ 4፣ ሦስተኛው 4፣ አራተኛው 2፣ በድምሩ 10 ፕሮቶኖች ወደ ውጭ ይወጣሉ። አንድን ፕሮቶን ማስወጣት የሚጠይቀው ኃይል ግን ቋሚ አይደለም፤ ውጭ በተጠራቀመው ፕሮቶንና በገለፈቱ የኤሌክትሪክ ልዩነት መጠን ይወሰናል። ሚቶኮንድሪያው ኤቲፒ እየሠራ ሳለ የሁለቱ ድምር 180 ሚሊቮልት ገደማ ነው እንበል። አብዛኛው ድርሻ የኤሌክትሪክ ልዩነቱ ሲሆን የፒኤች ልዩነቱ ድርሻ ትንሽ ነው። በዚህ ልዩነት ላይ አንድ ፕሮቶን ማስወጣት በሞል 17.4 ኪሎጁል ያህል ይጠይቃል፤ ለ10ሩ 174 ይሆናል። ከ220ው የሚተርፈው 46 ኪሎጁል ነው ሰንሰለቱን ወደ ፊት የሚያስኬደው።

አሁን ኦሊጎማይሲን እንጨምር። ኤቲፒ ሲንቴዝ በገለፈቱ ውስጥ የተቀበረ ቀለበት አለው፤ በከብት ሚቶኮንድሪያ ይህ ቀለበት 8 ተመሳሳይ ክፍሎች አሉት። እያንዳንዱ ክፍል ከውጭ አንድ ፕሮቶን ተቀብሎ ከቀለበቱ ጋር ከዞረ በኋላ ወደ ማትሪክሱ ይለቀዋል። ኦሊጎማይሲን የሚጣበቀው ፕሮቶን በሚቀበለው በዚሁ ቦታ ላይ ስለሆነ መዞሩም የፕሮቶኑ መግቢያም አብረው ይቆማሉ። ሰንሰለቱ ግን ስላልተነካ ፕሮቶን መግፋቱን ይቀጥላል፤ የሚመለስበት ዋናው መንገድ ስለተዘጋ ልዩነቱ ይጨምራል። ወደ 228 ሚሊቮልት ቢደርስ አንድ ፕሮቶን ማስወጣት 22 ኪሎጁል ይጠይቃል፣ 10ሩ ደግሞ 220። ገቢና ወጪ እኩል ሆኑ ማለት ነው፤ ለኤሌክትሮኑ ወደ ኦክስጅን መውረድ ምንም ትርፍ አይኖረውም። አፉ የተደፈነ የብስክሌት መንፊያ አየሩ በታመቀ ቁጥር ለመግፋት እንደሚከብድ ሁሉ፣ እዚህም ያስቆመው ከፊት ያለው ግፊት እንጂ የመሣሪያው መበላሸት አይደለም። በተግባር ልዩነቱ እዚያ ጣሪያ ላይ አይደርስም፤ ገለፈቱ ራሱ ጥቂት ፕሮቶን ስለሚያሾልክና ልዩነቱ ሲጨምር ሹለኬቱም በፍጥነት ስለሚጨምር ነው። ለዚህም ነው ኦሊጎማይሲን ከተጨመረ በኋላ የኦክስጅኑ መስመር ፈጽሞ ጠፍጣፋ የማይሆነው፤ በትንሹ መውረዱን ይቀጥላል።

ዲኒትሮፌኖል ደካማ አሲድ ነው። ፕሮቶን በበዛበት በውጭው ወገን አንድ ፕሮቶን ይይዛል፤ ገለፈቱን አልፎ ፕሮቶን በቀነሰበት ማትሪክስ ውስጥ ይለቀዋል፤ ከዚያም ቻርጁን ይዞ ተመልሶ ይወጣል። ቻርጅ ያለው ሞለኪውል እንዲህ ያለውን ገለፈት ማለፍ አይችልም ነበር፤ በዲኒትሮፌኖል ላይ ግን ቻርጁ በሞለኪውሉ ላይ ስለሚበተን ያልፋል። እንዲህ እየተመላለሰ ልዩነቱን ሲያፈርሰው ሰንሰለቱን የሚገታ ግፊት ስለማይኖር ኦክስጅን በከፍተኛ ፍጥነት ይበላል፤ ኤቲፒ ሲንቴዙ ግን አሁንም እንደተዘጋ ነው። ኃይሉ በሙሉ ሙቀት ይሆናል። አሜሪካ ውስጥ ከ1933 ጀምሮ ዲኒትሮፌኖል ለክብደት መቀነሻ ሲሰጥ ቆይቶ በ1938 የታገደው፣ ሰዎችን ለዓይን ሞራና በገዛ ሰውነታቸው ሙቀት ለሞት ስለዳረጋቸው ነበር።

ይህ ሁሉ በፈተና ላይም በላቦራቶሪም የሚጠቅመው ግራፍ ለማንበብ ነው። ከአይጥ ጉበት የተለየ ሚቶኮንድሪያ በኦክስጅን ኤሌክትሮድ ክፍል ውስጥ ሆኖ ፍጥነቱ ቢቆምና ምክንያቱ ባይታወቅ፣ ጥቂት ዲኒትሮፌኖል መጨመር ይበቃል። ፍጥነቱ ከተመለሰ የተዘጋው ኤቲፒ ሲንቴዙ ነው፣ ወይም ኤቲፒ የሚሠራበት ኤዲፒ አልቋል። ካልተመለሰ ሰንሰለቱ ራሱ ተዘግቷል፤ ሳያናይድ አራተኛውን ውስብስብ ሲይዘው ግፊቱን ማንሣት ምንም አይለውጥም። ነገር ግን «አልተመለሰም» ከማለታችሁ በፊት ኦክስጅኑ ወይም የሚቃጠለው ምግብ አለማለቁንና ዲኒትሮፌኖሉ አለመብዛቱን አረጋግጡ፤ ሲበዛ እሱ ራሱ ሰንሰለቱን ይገታል። ገና ከመጀመሪያው ያለ ኤዲፒ በፍጥነት የሚተነፍስና ለዲኒትሮፌኖል ምንም ምላሽ የማይሰጥ ናሙና ደግሞ ገለፈቱ በዝግጅት ጊዜ የተቀደደ ነውና ልፋት ሳታበዙ ጣሉት። እኛ ጋ ከዚህም ይልቅ የሚያስቸግረው ቅሪት ነው። ኦሊጎማይሲንም ዲኒትሮፌኖልም በአልኮል እንጂ በውኃ በደንብ ስለማይሟሙ ኤሌክትሮዱ ክፍል ግድግዳ ላይ ተጣብቀው ይቀሩና የሚቀጥለውን ተማሪ ውጤት ያበላሻሉ፤ ክፍሉን በኤታኖል ደጋግሞ ማጠብ የግድ ነው።

ከላይ ያሉት ቁጥሮች በኤንኤዲኤች ስንት ኤቲፒ እንደሚገኝም ይናገራሉ። ቀለበቱ አንድ ዙር ሲዞር 8 ፕሮቶን ይገባል፣ 3 ኤቲፒም ይወጣል። ዙሩ ኃይሉን በዋናነት የሚያውለው የተሠራውን ኤቲፒ ከኢንዛይሙ ላይ ለማላቀቅ ነው፤ በኢንዛይሙ ላይ ሳሉ ኤዲፒና ፎስፌት ያለ ብዙ ኃይል ይጣመራሉ። ፎስፌቱንና ኤዲፒውን ለማስገባትና ኤቲፒውን ለማስወጣት ለእያንዳንዱ ኤቲፒ አንድ ፕሮቶን ይጨመራል፣ ስለዚህ የአንድ ኤቲፒ ዋጋ 3.7 ፕሮቶን ገደማ ነው። አሥሩን ለዚህ ስታካፍሉ 2.7 ይመጣል፤ በሹለኬቱ ምክንያት የሚለካው ወደ 2.5 ይጠጋል። በአሮጌ መጻሕፍት የምታዩት 3 ከዚህ ሒሳብ በፊት የተለመደ ቁጥር ነው።

አዲስ አበባ ላይ ይህን ለመለካት ለምትሞክሩ አንድ ነገር ላክል። መጽሐፉ በ25 ዲግሪ የሚሰጠው የኦክስጅን መጠን፣ 250 ማይክሮሞላር ገደማ፣ ለባሕር ወለል ነው። እዚህ የአየሩ ግፊት የዚያ ሦስት አራተኛ ያህል ስለሆነ በፈሳሹ ውስጥ ያለው ኦክስጅን ወደ 190 ይወርዳል። የመጽሐፉን ቁጥር እንዳለ ከወሰዳችሁ የተበላው ኦክስጅን ከእውነቱ በላይ ይቆጠርና እውነተኛው 2.5 ወደ 1.9 ዝቅ ብሎ ይታያችኋል፤ ያን ጊዜ ጤነኛውን ሚቶኮንድሪያ «ገለፈቱ ያሾልካል» ብላችሁ ትጥሉታላችሁ።